ሁለቱ ራስ ኃይሉ

«ራስ ኃይሉ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዘር ናቸው፤ ጎጃምን ገዝተዋል፤ በጣሊያን ወረራ ዘመን ስማቸው በአገሩ ሁሉ ይነሣ ነበር፤ ከድል በኋላም በሕይወት ቆይተዋል።» ይህን የመሰለ አንቀጽ በጎጃም ታሪክ ላይ የሚጽፍ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ይጽፈዋል፣ ወይም ያነበዋል። እያንዳንዱ ሐረግ እውነት ነው። ችግሩ ሁሉም ሐረግ ለሁለት ሰዎች እኩል እውነት መሆኑ ነው። አንዱ ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት፣ ሌላው የወንድማቸው ልጅ ራስ ኃይሉ በለው ናቸው።

ሁለቱን መለየት ለጎጃም ሰው ቀላል ጉዳይ አይደለም። አጎትዬው በወረራው ዘመን ለጣሊያን የገቡ መኳንንት ናቸው፤ የወንድም ልጅ ደግሞ በዱር በገደሉ ከተዋጉት የጎጃም አርበኞች መሪዎች አንዱ። አንድ ወረቀት ወይም አንድ የሽማግሌ ቃል ለተሳሳተው ሰው ከተሰጠ፣ አርበኛው ባንዳ ይሆናል፤ ባንዳ የተባለውም አርበኛ ይሆናል። ስለዚህ ልየታው በስሜት ሳይሆን በሥርዓት መሠራት አለበት።

መጀመሪያ ሁለቱን ሰዎች ለየብቻ እናስቀምጥ። ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት በ1860 ዓ.ም. ገደማ የተወለዱ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ልጅ ናቸው። ንጉሡ በጥር 1893 ዓ.ም. ሲያርፉ ጎጃም ወዲያው ለእሳቸው አልተጠቃለለም፤ ግዛቱ ተከፋፍሎ ቆይቶ ነው በኋላ በእጃቸው የገባው። ከዚያ እስከ 1924 ዓ.ም. ገዙ። በዚያ ዓመት ልጅ ኢያሱ ከፍቼ ሲያመልጡ በጉዳዩ እጃቸው አለበት ተብለው ተያዙ፤ ግዛታቸውም ለራስ እምሩ ተሰጠ። በ1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በባቡር ሲወጡ ራስ ኃይሉ በእስረኝነት አብረው ነበሩ፤ መንገድ ላይ ቀርተው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱና ለጣሊያን ገቡ። በ1933 ዓ.ም. የአርበኛው ኃይልና የእንግሊዞቹ ጦር ጎጃምን ሲያጥለቀልቁ፣ ጣሊያኖች አገሩን ያረጋጉልናል ብለው ደብረ ማርቆስ መልሰው አስቀመጧቸው። ንጉሠ ነገሥቱ መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ ሲገቡ እጅ የነሱት እሳቸው ናቸው። ከዚያ በኋላ ሥልጣን አልተመለሰላቸውም፤ በቁጥጥር ሥር እንዳሉ እስከ 1940ዎቹ መጀመሪያ ኖረው አረፉ።

ራስ ኃይሉ በለው የንጉሡ የልጅ ልጅ ናቸው፤ አባታቸው በለው ተክለ ሃይማኖት የራስ ኃይሉ ወንድም ናቸው። በአምስቱ ዓመት ከነመንገሻ ጀምበሬ፣ ከነነጋሽ በዛብህና ከነበላይ ዘለቀ ጋር ስማቸው የሚጠራ አርበኛ ነበሩ። ከድል በኋላ ራስ ተብለው ጎጃምን ገዙ፤ በ1938 ዓ.ም. ገደማ ቦታውን ደጃዝማች ከበደ ተሰማ ያዙት።

ይህን ካስቀመጥን፣ ምንጩ ላይ ስንቀርብ የመጀመሪያው መሣሪያ ማዕረግ ነው። ማዕረግ ለእኛ ታሪክ የመታወቂያ ካርድ ያህል ይሠራል፤ ምክንያቱም ከሰው ጋር እያደገ ስለሚሄድ ሰውየውን ብቻ ሳይሆን ዘመኑንም ይነግረናል። ከ1933 ዓ.ም. በፊት በጎጃም ጉዳይ «ራስ ኃይሉ» የሚል ከተጻፈ አጎትዬው ናቸው። የወንድም ልጅ በዚያ ጊዜ በጽሑፍ የሚመጡት «ልጅ ኃይሉ» ወይም «ደጃዝማች ኃይሉ» ተብለው ነው። እንግሊዞቹ መኮንኖችም ሲጽፉ «ልጅ» ይሏቸዋል።

ይህ ግን ወጥመድ አለው። ከድል በኋላ የተጻፈ ትዝታ ሰውን የሚጠራው በኋለኛው ማዕረጉ ነው። በ1950ዎቹ ቁጭ ብሎ የ1931ን ውጊያ የሚተርክ አርበኛ «ራስ ኃይሉ በለው እንዲህ አደረጉ» ይላል፤ ያኔ ግን ራስ አልነበሩም። ያንን ትረካ ሌላ ሰው ሲጠቅሰው «በለው»ን ቢያስቀር፣ «ራስ ኃይሉ በ1931 ተዋጉ» የሚል የማይሆን ነገር ይወለዳል። ስለዚህ ማዕረግን ከማመን በፊት «ይህ ወረቀት የተጻፈው መቼ ነው?» የሚለው ይቅደም፤ ስለ መቼ እንደሚያወራ ሳይሆን መቼ እንደተጻፈ። በዕለቱ የተጻፈ ደብዳቤ ማዕረጉ ይታመናል። የትዝታ ማዕረግ ግን የሚመሰክረው ለተጻፈበት ዘመን ብቻ ነው።

«ደጃዝማች ኃይሉ» ሲመጣ ደግሞ ሦስተኛ ሰው እንዳይገባብን ቦታውን ማየት ያስፈልጋል። የዋጉ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደም በዚያው ዘመን በአርበኝነት የተዋጉና በ1930 ዓ.ም. መጀመሪያ የተገደሉ ናቸው። ሰቆጣ ወይም ላስታ ከተጠቀሰ የጎጃሙ ጉዳይ አይደለም።

ሁለተኛው መሣሪያ የአባት ስም ነው፤ ብዙ ሰው የሚተማመነውም በዚህ ነው። ነገር ግን በእነዚህ ሁለት ሰዎች ላይ የአባት ስም ራሱ ያሳስታል። የወንድም ልጅ ሙሉ ስም እስከ አያት ሲጻፍ ኃይሉ በለው ተክለ ሃይማኖት ነው። አንድ ጸሐፊ መካከለኛውን ቢዘል፣ ወይም የንጉሡን ዘር ለማጉላት «የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ልጅ ኃይሉ» ብሎ ቢያሳጥር፣ ሁለቱ ሰዎች በፊደል አንድ ይሆናሉ። በአነጋገራችን የልጅ ልጅም «የንጉሥ ልጅ» መባሉ ነውር የለውም። «ልጅ ኃይሉ» የሚለው ደግሞ ማዕረግ ነው ወይስ ዝምድና፣ ከዐረፍተ ነገሩ ካልሆነ አይታወቅም። ስለዚህ «ተክለ ሃይማኖት» የሚለው ስም መኖሩ ለአጎትዬው ማስረጃ አይሆንም፤ «በለው» መኖሩ ግን ለወንድም ልጅ ማስረጃ ነው። የ«በለው» መኖር ይረዳል፤ አለመኖሩ ግን ምንም አያረጋግጥም።

እዚህ ላይ የቀን ጉዳይ ይመጣል፤ ከሁሉም ብዙ ስሕተት የሚሠራው በዚህ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። የእኛንና የፈረንጁን አቆጣጠር የሚያገናኘው ሕግ የታወቀ ነው፤ በአብዛኛው ዓመት ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ሰባት ይደመራል፣ ከታኅሣሥ 23 ጀምሮ ስምንት። በራስ ኃይሉ ላይ ግን ቁጥሮቹ በክፉ አጋጣሚ ይገጣጠማሉ። 1924ን እንውሰድ። በፈረንጅ 1924 ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት በክብራቸው ከፍታ ላይ ነበሩ፤ ከአልጋ ወራሽ ተፈሪ ጋር አውሮፓን የዞሩት ያን ጊዜ ነው። ያ በእኛ 1916 ዓ.ም. ነው። በእኛ 1924 ደግሞ የወደቁበትና የታሰሩበት ዓመት ነው። «በ1924 ራስ ኃይሉ…» ብሎ የጀመረ ሰው የዓመተ ምሕረቱን ምልክት ካልጻፈ፣ ቀጣዩ ጸሐፊ የአውሮፓውን ጉዞና እስሩን በአንድ ዓመት ያደርጋቸዋል፤ ወይም «ሁለት ሰው መሆን አለባቸው» ብሎ አንዱን ሰው ለሁለት ይከፍላል። መክፈልም እንደ መቀላቀል ስሕተት ነው።

1933ም እንዲሁ ነው። በፈረንጅ 1933 ራስ ኃይሉ እስረኛ ናቸው። በእኛ 1933 ደብረ ማርቆስ ተቀምጠዋል። እስር ቤት ያለ ሰው ደብረ ማርቆስ ሊሆን አይችልምና፣ አቆጣጠሩን ያላጣራ ሰው ደብረ ማርቆስ ያሉትን «ኃይሉ በለው መሆን አለባቸው» ብሎ ይደመድማል። በጣሊያን ወረቀቶች ላይ ቀኑ በፈረንጅ ሆኖ፣ አጠገቡ የፋሺስቱ ዘመን በሮማ ቁጥር ይጻፋል፤ XIX ካለ ከጥቅምት 1940 መጨረሻ እስከ ጥቅምት 1941 መጨረሻ በፈረንጅ ነው። ይህ ቁጥር ሲኖር አቆጣጠሩን መጠራጠር አያስፈልግም።

እስካሁን ያልኩትን በአንድ ጉዳይ እንሞክረው። በላይ ዘለቀ ከሁለቱም ኃይሉዎች ጋር፣ በአራት ዓመት ልዩነት ውስጥ፣ ተገናኝቷል። እንበልና አንድ ማስታወሻ ላይ ሁለት ዐረፍተ ነገር አገኘን፦ «ኃይሉ ወደ በላይ ላከበት፣ በላይም ሳይተኩስ አሳለፈ» የሚልና፣ ወረድ ብሎ «ኃይሉ ሲሾም በላይ ቅር አለው» የሚል። ማዕረግ የለም፣ የአባት ስም የለም፣ ቀን የለም። ያነበበ ሰው ሁሉ አንድ ኃይሉ ነው ብሎ ያልፋል፤ ታሪኩም «መጀመሪያ የተማለለው፣ ኋላ የተቀየመው» እየተባለ ይሰካካል።

የመጀመሪያውን ዐረፍተ ነገር ስናየው «ሳይተኩስ አሳለፈ» የሚለው ነገሩን ይቆልፈዋል። ከደብረ ማርቆስ የለቀቀው የጣሊያን ጦር በኮሎኔል ማራቬንታኖ ተመርቶ ወደ ዓባይ ሲወርድ፣ መንገዱን ሊዘጋ የሚችለው በላይ ዘለቀ ነበር፤ ጦሩ ግን ተሻገረ። የእንግሊዞቹ ጸሐፊዎች ምክንያቱን ሲያስረዱ ራስ ኃይሉ በጋብቻ አባበሉት ይላሉ። ያ የሆነው በመጋቢት 1933 ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ ነው። በዚያ ሰሞን ለጣሊያን ጦር መንገድ የሚለምን ኃይሉ አንድ ብቻ ነው። ኃይሉ በለው በዚያ ሰዓት ከሌላው ወገን ናቸው፤ ጠላትን ለማሳለፍ የሚልኩበት ምክንያት የለም። እዚህ ላይ የለየልን ስሙ አይደለም፤ ከየትኛው ወገን ሆኖ ማን ሊልክ ይችላል የሚለው ነው።

ሁለተኛው ዐረፍተ ነገር ውስጥ «ሲሾም» የሚል አለ። አጎትዬው ከመጋቢት 1933 በኋላ አልተሾሙም። ጎጃምን የገዙት ኃይሉ በለው ናቸው፤ በላይ ደጃዝማች ተብሎ የተሰጠው ቢቸና ነው። የቅሬታውም ነገር፣ በጥር 1937 ዓ.ም. በአዲስ አበባ እስከ ተሰቀለበት የሚወስደው መንገድም የሚጀምረው ከዚህ ነው። ስለዚህ በአንድ ገጽ ላይ ያሉት ሁለት «ኃይሉ»ዎች ሁለት ሰዎች ናቸው፤ በአንደኛውና በሁለተኛው ዐረፍተ ነገር መካከል መንግሥት ተለውጧል። በአንድ ወረቀት ውስጥ አንድ ስም ሁሌ አንድ ሰው ነው ብሎ መገመት ልማድ ነው፤ በዚህ ዘመን ግን እያንዳንዱን መጠሪያ ለብቻው መፈተን ግድ ይላል።

በጣም የሚያስቸግረው ግን ከ1933 እስከ 1940ዎቹ መጀመሪያ ያለው ጊዜ ነው። ሁለቱም በሕይወት አሉ፤ ሁለቱም ራስ ናቸው። እዚህ ማዕረግ አይለይም፤ የሚለየው የመሥሪያ ቤቱ ቋንቋ ነው። በ1934 ዓ.ም. በወጣው የአስተዳደር ደንብ አገሩ በጠቅላይ ግዛት፣ በአውራጃ፣ በወረዳና በምክትል ወረዳ ተከፈለ። በደብዳቤው ራስጌ ወይም በማኅተሙ ላይ «የጎጃም ጠቅላይ ግዛት» የሚል ካለ፣ ለአገር ግዛት ሚኒስቴር የሚጻፍና የደብዳቤ ቁጥር የያዘ ከሆነ፣ ኃይሉ በለው ናቸው። አጎትዬው ጎጃምን የገዙት ይህ አጠራር ከመምጣቱ በፊት ነው፤ በዚህ ጊዜ ደግሞ የሚጽፉበት መሥሪያ ቤት የላቸውም። በአዲስ አበባ ስለሚኖር፣ ስለሚጠበቅ፣ ስለ ንብረቱ አቤት ስለሚል ራስ ኃይሉ የሚያወራ ወረቀት ከሆነ ግን ወደ አጎትዬው ያዘነብላል። ማኅተም ሲኖር ደግሞ መጀመሪያ ማኅተሙ ይነበብ፤ ደብዳቤው «ከራስ ኃይሉ» ብሎ ሲያልፍ፣ የአባት ስም ብዙ ጊዜ ያለው ማኅተሙ ላይ ነው። ቀለሙ የደበዘዘ ማኅተም ከጎን በሚመጣ ብርሃን ሲታይ ይሻላል፤ በፎቶ ኮፒ ግን ፈጽሞ ሊጠፋ ይችላል፤ ስለዚህ ከቅጂ ብቻ «የአባት ስም የለውም» ብሎ መመዝገብ አይገባም።

የቃል ምስክርነት ላይ ሌላ ጥንቃቄ አለ። በጎጃም «ራስ ኃይሉ» ብቻ ከተባለ ሽማግሌዎች የሚያስቡት አጎትዬውን ነው፤ ሁለተኛውን «ራስ ኃይሉ በለው» ብለው ሙሉውን ይጠራሉ። ቢሆንም «በራስ ኃይሉ ጊዜ ግብር ከበደ» የሚለው ቃል ለሁለቱም ይሆናል። በአጎትዬው ዘመን የግብሩ ክብደት የታወቀ ነው፤ ከድል በኋላም በ1934 እና በ1937 ዓ.ም. በወጡት የመሬት ግብር አዋጆች የተነሣ ጎጃም ተነሥቷል። ታዲያ ተናጋሪውን «የትኛው ራስ ኃይሉ?» ብሎ መጠየቅ ብዙም አይጠቅምም፤ ጠያቂው የፈለገውን መልስ ሊሰጡት ይችላሉና። ይልቅ «አባባ፣ ግብሩ የሚከፈለው ለማን ነበር? መሬቱ ለም፣ ለም ጠፍ፣ ጠፍ እየተባለ ይለይ ነበር?» ማለት ይሻላል። ይህ አከፋፈል ከተነሣ ነገሩ ከ1934 ወዲህ ነው። ከዚያ «ጣሊያን ገብቶ ነበር ወይስ ወጥቶ?» ብሎ ማጽናት ነው። ሰው ዓመት ይረሳል፤ ጣሊያን የገባበትንና የወጣበትን ግን አይረሳም።

ፎቶ ላይ ዕድሜ ይረዳል። አጎትዬው በአውሮፓው ጉዞ ወደ ሃምሳ ስድስት፣ በደብረ ማርቆሱ ቀን ከሰባ በላይ ናቸው። «ራስ ኃይሉ፣ ጎጃም፣ 1941» የሚል የእንግሊዝኛ መግለጫ ያለበት ፎቶ ላይ ጎልማሳ ሰው ከታየ መግለጫው መፈተሽ አለበት። መግለጫ ብዙ ጊዜ ከፎቶው በኋላ የሚጻፍ ነውና፣ ከመልክ በታች እንጂ ከመልክ በላይ አይታመንም።

የተተየበ ጽሑፍ ላለው ሰው የፊደሉ ነገርም አለ። ኃይሉ በስድስት ዓይነት ሊጻፍ ይችላል፤ አንዱን ብቻ የፈለገ ሰው የቀረውን ሳያይ «እዚህ ሰነድ ውስጥ አልተጠቀሱም» ይላል። ስሙን ብቻውን መፈለግ ደግሞ «የጦር ኃይሉ»ን ሁሉ ይጎትታል። ማዕረጉን አብሮ መፈለግ ሁለቱንም ያቃልላል፦

```
grep -nE 'ራ[ስሥ][ ፡]+[ሀሃሐሓኀኃ]ይሉ' ሰነድ.txt
```

ይህ የሚሠራው ኮምፒውተሩ ዩቲኤፍ 8 ላይ ከተስተካከለ ነው። «ራስ» በሚለው ቦታ «ልጅ»፣ «ደጃዝማች» እና «ደጃች» እየተተኩ ይደገም። በፈረንጅ ፊደል ሲፈለግ Hailu፣ Haylu እና የጣሊያኖቹ Ailù አሉ፤ በለውም Belew፣ Balaw እና Belau ተብሎ ይጻፋል።

የቤተ ክርስቲያን መዝገብ ላይ ለሚሠራ አንድ ነገር ልጨምር። በምሥራቅ ጎጃም አድባራት «ራስ ኃይሉ የሰጡት ጉልት» ሲባል ሁለቱም ላይሆኑ ይችላሉ። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበሩት ራስ ኃይሉ ዮሴዴቅ፣ የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ የወይዘሮ ወለተ እስራኤል ልጅ፣ ቀራንዮ መድኃኔ ዓለምን የተከሉ ናቸው። በስጦታው ላይ በእማኝነት የተጠሩትን ሰዎች፣ በተለይም የንጉሡንና የጳጳሱን ስም ማየት ነው፤ የጎንደር ንጉሥ ስም ካለ ከእኛዎቹ ሁለት ከመቶ ዓመት በላይ ይቀድማል። የጳጳሱ ስም አቡነ ሉቃስ ከሆነ ደግሞ ስጦታው ከዐፄ ዮሐንስ ዘመን አይቀድምምና ራስ ኃይሉ ዮሴዴቅ አይደሉም፤ አቡነ ሉቃስ በዐፄ ዮሐንስ ጊዜ ከመጡት አራት ጳጳሳት የጎጃሙ ናቸውና።

ይህ ሁሉ ተደርጎ የማይለይ መጠሪያ ይቀራል። ያን ጊዜ በመዝገቡ ላይ ሦስተኛ ክፍል ያስፈልጋል፤ «ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት»፣ «ኃይሉ በለው» እና «ኃይሉ፣ ያልተለየ»። ያልተለየውን ወደ አንዱ መግፋት አይገባም፤ በተለይም ነገሩ የሚያስመሰግን ወይም የሚያስወቅስ ሲሆን። ምንጩ የጻፈው እንዳለ ይገልበጥ፣ ማዕረጉም ፊደሉም ሳይታረም። ከጎኑ የአርታኢው ግምት ከነምክንያቱ ይቀመጥ፦ «በቀኑ ምክንያት»፣ «በማኅተሙ ምክንያት»፣ «በወገኑ ምክንያት»። ነገ ሌላ ወረቀት ሲገኝ የሚታረመው ግምቱ ብቻ እንዲሆን፣ ምንጩና ግምቱ በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ አይቀላቀሉ።